ከጭሮ የኖራ ድንጋይ ሥር፦ ስሌት፣ ሺስትና ናይስ ስለ ጥልቀት ምን ይናገራሉ?

ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ፣ ከጭሮም በሂርና አድርጎ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ሲወጣና ሲወርድ በአብዛኛው የሚቆርጣቸው ድንጋዮች ሦስት ዓይነት ናቸው። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። ከእሱ በታች ገርጣ ያለውና በንብርብር የተቀመጠው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከኖራው ሥር ደግሞ ጂኦሎጂስቶች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚሉት ቀላ ያለ ድንጋይ ይገኛል። ኖራው የጁራሲክ ዘመን ባሕር ጥሎት የሄደ ዝቃጭ ሲሆን ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም ዛሬ ያው የኖራ ድንጋይ ነው። በውስጡ የቀሩት የባሕር እንስሳት ዛጎሎች ቅርፃቸውን እንደያዙ ናቸው፤ ድንጋዩም እብነ በረድ አልሆነም።

ዳሰሳችንን ከዚህ የምንጀምረው ብዙ ሰው “ድንጋይ በቆየ ቁጥር ይለወጣል” ብሎ ስለሚያስብ ነው። መንገዱ የሚያልፍባቸው የጨርጨር ተራሮች ግን ይህን አያረጋግጡም። ድንጋይን የሚለውጠው ሙቀትና ጫና ነው፤ ዘመን ብቻውን አይለውጠውም። በጨርጨሩ ኖራ ላይ የተከመረው ደለልና ባዛልት ሁለት ኪሎ ሜትር ውፍረት ነበረው እንበል። በተለመደው የመሬት ቅርፊት ውስጥ ሙቀት በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። ስለዚህ የኖራው ሙቀት ቢበዛ 80 ዲግሪ ገደማ ቢደርስ ነው። ውኃ እንኳ በማያፈላ ሙቀት ኖራ ድንጋይ እብነ በረድ አይሆንም፣ የሸክላ ጭቃም ሺስት አይሆንም።

የተለወጠው ድንጋይ ያለው ከዚህ ሁሉ በታች ነው። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የተነጠፈበት መሠረት ዐለት ከጭሮ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ በድሬዳዋ አካባቢ፣ በሐረር ዙሪያ፣ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች፣ በባቢሌም ብቅ ይላል። እዚያ የሚታየው ናይስ፣ ሚግማታይትና ግራኒት ነው። ከጭሮ ተነሥቶ በአንድ ቀን የሚደረስበት ይህ ድንጋይ በሕይወት ዘመኑ ያየው ሙቀት ከኖራው ሙቀት ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ጥያቄያችንም ይኸው ነው፦ ይህን ሙቀት ማን ለካው? ከሙቀቱ ተነሥቶ “ይህ ድንጋይ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተቀብሮ ነበር” ማለትስ ምን ያህል ያስተማምናል?

መነሻውን አንድ እናድርገው፤ ከሐይቅ ወይም ከባሕር ወለል የተጠራቀመ ጭቃ ነው። ጭቃው በላዩ በሚጫነው ደለል ተጠቅጥቆ መጀመሪያ ሼል ይሆናል። ሼል ገና ደለል ድንጋይ ነው፤ የሚሰነጠቀውም በተነጠፈበት ንብርብር ልክ ነው። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ አልፎ ወደ 300 ሲጠጋ፣ ተራራ የሚሠራው የጎን ግፊትም ሲታከልበት፣ የሸክላው ማዕድናት ፈርሰው ጥቃቅን የሚካና የክሎራይት ቅጠሎች ይሆናሉ። ቅጠሎቹ ግፊቱን በወርድ ተቀብለው ይደረደራሉ። ይህ ስሌት ነው። ስሌት የሚሰነጠቀው አዲስ በተሠራው የቅጠሎቹ ድርድር ነው። ስለዚህ የድሮው ንብርብር በአንድ አቅጣጫ ሄዶ ስንጥቁ በሌላ አቅጣጫ ሲያቋርጠው ማየት ይቻላል። ሼልን ከስሌት ለመለየት ከሁሉ የተሻለው ምልክት ይኸው ነው። በመዶሻ ሲመታ ስሌት ጠንከር ያለ፣ የሚያቃጭል ድምፅ ያወጣል፤ ሼል ግን ድምፁ ደፈን ይላል።

ሙቀቱ ሲጨምር ቅጠሎቹ ያድጋሉ። ገና በዓይን ሳይለዩ ድንጋዩ እንደ ሐር ማብረቅረቅ ሲጀምር ፊላይት ይባላል። ሚካው በዓይን ሲለይና ድንጋዩ በጣት ሲዳሰስ የሚላጥ ሲሆን ሺስት ነው። ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሲያልፍ ሚካው ራሱ መፍረስ ይጀምራል፤ ኳርትዝና ፌልድስፓር በነጣ መስመር፣ ጥቁሮቹ ማዕድናት በጠቆረ መስመር ተለያይተው ይሰለፋሉ። ይህ ናይስ ነው። ከ650 እስከ 700 ዲግሪ፣ ውኃ ካለ፣ ነጣ ያለው ክፍል መቅለጥ ይጀምርና ድንጋዩ ግማሽ ናይስ ግማሽ ግራኒት የመሰለ ሚግማታይት ይሆናል። በሐረር ዙሪያ እንደ ወንዝ ፈሰስ የተጣመመ ነጭና ጥቁር መስመር ያለበት ድንጋይ ያየ ሰው ያየው ይህን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ድንጋዩ ወደ ላይ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ለምን ወደ ጭቃነቱ አልተመለሰም? መልሱ ያለው ውኃው ላይ ነው። ሸክላ ማዕድናት በውስጣቸው ውኃ አሥረው ይይዛሉ፤ በየደረጃው የሚደረገው ለውጥም ይህን ውኃ እያባረረ የሚሄድ ነው። የጀበና ሸክላም እንዲሁ ነው፤ አንዴ በእሳት ከተተኮሰ በኋላ ቢዘፈዝፉት ጭቃ አይሆንም። ውኃው ከወጣ የመመለሻው መንገድ ይዘጋል፤ ድንጋዩም ባየው ከፍተኛ ሙቀት የያዛቸውን ማዕድናት እንደያዘ ይቀራል። ውኃ በስንጥቅ ተመልሶ የገባበት ቦታ ካለ ግን ጋርኔቱ ከዳር ጀምሮ ወደ አረንጓዴ ክሎራይት ይለወጣል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ከፍተኛ ደረጃ የነበረውን ድንጋይ “ዝቅተኛ ደረጃ ነው” ብሎ ይመዘግባል። የጋርኔት ቅርፅ ያለው የክሎራይት እብጠት ያየ ሰው መጠርጠር አለበት።

የማዕድናቱን ቅደም ተከተል መጀመሪያ በካርታ ላይ ያሰፈረው በስኮትላንድ የመስክ ሥራው የታወቀው ጂኦሎጂስት ጆርጅ ባሮው ነው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ። ባሮው በስኮትላንድ ደጋ ከአንድ ዓይነት የጭቃ ዝርያ የመጡ ድንጋዮችን እየተከተለ ሲሄድ በየተራ አዳዲስ ማዕድናት ብቅ ሲሉ አየ። መጀመሪያ ክሎራይት፣ ቀጥሎ ባዮታይት የሚባለው ጥቁር ሚካ፣ ቀጥሎ ቀዩ ጋርኔት፣ ከዚያ ስታውሮላይት፣ ካያናይት፣ በመጨረሻም ሲሊማናይት። በኋላ ቲሊ የተባለው የማዕድን ተመራማሪ አንድ ጠቋሚ ማዕድን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይበትን መስመር አይሶግራድ ብሎ ሰየመው። ዛሬ በላቦራቶሪ ከተደረጉ ሙከራዎች እንደምናውቀው በዚህ ዓይነት ድንጋይ ጋርኔት የሚመጣው በ500 ዲግሪ ገደማ፣ ስታውሮላይት በ550፣ ካያናይት በ600 አካባቢ ነው፤ ሲሊማናይት ከ650 በላይ ይነግሣል።

አብዛኛው የትምህርት ቤት ትረካ እዚህ ላይ ይቆምና “ስለዚህ ስሌት ጥልቀቱ ትንሽ፣ ናይስ ጥልቀቱ ትልቅ ነው” ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በአጠቃላዩ ሲታይ ስሕተት ነው ማለት ይከብዳል፤ ግን አንድ እርምጃ ዘሎ የደረሰ መደምደሚያ ነው። ጠቋሚ ማዕድናቱ በአመዛኙ የሚነግሩን ሙቀትን ነው። ጥልቀት የሚታወቀው ከጫና ነው። ሙቀትን ወደ ጥልቀት ለመቀየር በየኪሎ ሜትሩ ስንት ዲግሪ ይጨምር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል።

ልዩነቱን በዓይን የሚያሳይ ቦታ ሩቅ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ባለው በአሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለእንፋሎት ኃይል የተቆፈሩ ስምንት ጉድጓዶች አሉ። ሁለት ኪሎ ሜትር በሚያህል ጥልቀት ውስጥ የተለካው ሙቀት ከ300 ዲግሪ ያልፋል። ከጉድጓዶቹ በወጣው የድንጋይ ፍርፋሪ ውስጥም ክሎራይትና ኤፒዶት ተገኝተዋል። እነዚህ ሁለቱ በኋላ የምናገኛቸውን የትግራይ አረንጓዴ ድንጋዮች አረንጓዴ ያደረጉት ማዕድናት ናቸው። በትግራይ ግን ድንጋዩ ይህን ሙቀት ለማግኘት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ መቀበር ነበረበት። ያው ማዕድን፣ ያው ሙቀት፤ ጥልቀቱ ግን አምስት እጥፍ ይለያያል። አሉቶ ላይ ሙቀቱን ያመጣው ከሥሩ ያለው ቅልጥ ዐለት ነው። በጨርጨር ባዛልት እየቆረጠ ያለፈበት የኖራ ድንጋይም ከባዛልቱ ጎን በጥቂት ስፋት ተጠብሶ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ የቀረበ እሳት ሥራ ስለሆነ ስለ ቀብር ጥልቀት ምንም አይናገርም።

እንግዲህ ጫናን የሚለካ ማዕድን ያስፈልጋል ማለት ነው። ደግነቱ አለ። አንዳሉሳይት፣ ካያናይትና ሲሊማናይት የሚባሉት ሦስቱ ማዕድናት የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፤ ሦስቱም አንድ ቀመር አላቸው፦ Al₂SiO₅። የሚለያዩት አተሞቹ በተደራጁበት መንገድ ብቻ ነው። ካያናይት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከፍ ያለ ጫና ይወዳል። አንዳሉሳይት ልቅ ያለ ስለሆነ የሚኖረው ጫና በቀነሰበት ነው። ሲሊማናይት የሙቀት ልጅ ነው። ሦስቱ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ሆልዳዌይ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ ይህ ነጥብ 500 ዲግሪ ገደማና 3.8 ኪሎባር አካባቢ ላይ ይውላል፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ የሚያደርጉ አሉ።

ኪሎባርን ወደ ኪሎ ሜትር መቀየር ቀላል ሒሳብ ነው። የቅርፊቱ ዐለት ክብደት በኪዩቢክ ሜትር 2,750 ኪሎ ግራም ይሁን። አንድ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ዐለት ከሥሩ ያለውን በ0.27 ኪሎባር ይጫነዋል። በሌላ አነጋገር አንድ ኪሎባር 3.7 ኪሎ ሜትር ነው። 3.8 ኪሎባር ማለት 14 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ማለት ይሆናል። ስለዚህ አንዳሉሳይት ያለበት ሺስት ያገኘ ሰው ምንም መሣሪያ ሳይኖረው “ይህ ድንጋይ አንዳሉሳይቱን ሲሠራ ከ14 ወይም 15 ኪሎ ሜትር በታች አልነበረም” ማለት ይችላል።

አሁን ወደ አንድ የኢትዮጵያ ጉዳይ እንውሰደው። በጉጂ፣ በአዶላ የወርቅ ቀበቶ ውስጥ ጋርኔት፣ ስታውሮላይትና ካያናይት የያዙ ሺስቶች አሉ። ከእንዲህ ያለ ድንጋይ አንድ ቁራጭ ይዘናል እንበል። ስታውሮላይትና ካያናይት አብረው መኖራቸው ሙቀቱን 600 ዲግሪ አካባቢ ያደርገዋል። በ600 ዲግሪ ካያናይት ወደ ሲሊማናይት ሳይለወጥ እንዲቆይ ጫናው ወደ 5.8 ኪሎባር መድረስ አለበት። 5.8ን በ3.7 ብናባዛ 21 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ ትንሹ ጥልቀት ነው፤ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል፣ በላይ ግን አይሆንም። አሁን ወደ ኋላ ተመልሰን ሙቀቱን ለጥልቀቱ ብናካፍል በኪሎ ሜትር 28 ዲግሪ ገደማ እናገኛለን። ይህ ከተለመደው የቅርፊት ሙቀት ጋር ይስማማል፤ በዚያን ጊዜ ከሥሩ የተለየ እሳት አልነበረም ለማለትም ያስደፍራል። ያው ድንጋይ በካያናይት ፋንታ አንዳሉሳይት ቢይዝ ኖሮ ግን ሒሳቡ በኪሎ ሜትር ቢያንስ 40 ዲግሪ ይወጣና በአካባቢው ቅልጥ ዐለት ገብቶ እንደነበር እንጠረጥራለን። በስኮትላንድም ከባሮው አካባቢ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በበከን፣ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ጫና ያለው ቅደም ተከተል ተገኝቷል። ስለዚህ የባሮው ዝርዝር ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ ሕግ ሳይሆን ከብዙዎች አንዱ መንገድ ነው።

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ልኬት የሚፈልግ ላቦራቶሪ ይገባል። በማይክሮፕሮብ ጋርኔቱና ባዮታይቱ ብረትንና ማግኒዥየምን እንዴት እንደተካፈሉ ይለካል፤ ክፍፍሉ በሙቀት ስለሚወሰን ሙቀቱን ይሰጣል። በጋርኔቱና በፌልድስፓሩ መካከል ያለው የካልሲየም ክፍፍል ደግሞ ጫናውን ይሰጣል። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎባር ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዋዥቅ ይችላል፤ ይህም አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ “23.4 ኪሎ ሜትር ተቀብሮ ነበር” የሚል ጽሑፍ ስታዩ ከነጥቡ ወዲያ ያለውን ቁጥር አትመኑት።

ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ብንሄድ የኢትዮጵያ መሠረት ዐለት የዚህን መሰላል ብዙ እርከኖች ያሳየናል። በትግራይ፣ በነጋሽና በማይ ቅነጣል አካባቢ የተምቤን ቡድን የሚባሉት ድንጋዮች ስሌትና ጥቁር ኖራ ድንጋይ ናቸው፤ የሙቀት ደረጃቸው ዝቅተኛ ስለሆነ የመጀመሪያው የደለል ንብርብር አሁንም በግልጽ ይነበባል። ከሥራቸው ያሉት የጻሊየት እሳተ ገሞራ ድንጋዮች በክሎራይትና በኤፒዶት አረንጓዴ ሆነዋል። በእነዚህ ላይ ጋርኔት ፈልጎ ያጣ ሰው ግን አይቸኩል። የባሮው ዝርዝር የሚሠራው ከጭቃ ለመጣ ድንጋይ ነው፤ ባዛልት ሲለወጥ የራሱ ጠቋሚዎች አሉት፣ ንጹሕ ኖራ ድንጋይ ደግሞ ምንም ያህል ቢሞቅ እብነ በረድ ሆኖ ይቀራል እንጂ ጋርኔት ከየትም አያመጣም። በተመሳሳይ ግራኒት ተጨፍልቆ ናይስ ለመሆን የጭቃ ድንጋይ የሚፈልገውን ያህል ሙቀት አይፈልግም። “ናይስ” የሚለው ስም የሚናገረው ስለ መስመሩ ነውና የሙቀት መለኪያ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ወደ ሐረር ስንመለስ መሠረት ዐለቱ ያየው ሙቀት ድንጋይን ማቅለጥ የሚጀምር ነው። የጫናው ሒሳብ ከአዶላው ብዙ የማይርቅ ከሆነ የተቀበረው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ናይስ ላይ ያለ ምንም መሸጋገሪያ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ተቀምጧል። አሸዋው የወንዝና የባሕር ዳር ሥራ ነው፤ ምድር ላይ የተነጠፈ ነው። ስለዚህ አሸዋው በተነጠፈበት ቀን ናይሱ ከሃያ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ወጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ከላዩ የነበረው ዐለት ሁሉ ተሸርሽሮ ተወስዷል።

ይህ ለመሆን ጊዜ ነበረው ወይ? ናይሱን የሠራው የምሥራቅና የምዕራብ ጎንድዋና ግጭት ከ550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እያበቃ ነበር። አሸዋው መነጠፍ የጀመረው ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። በመካከሉ 350 ሚሊዮን ዓመት አለ። 25 ኪሎ ሜትር ለ350 ሚሊዮን ዓመት ሲካፈል በዓመት 0.07 ሚሊ ሜትር፣ በሺህ ዓመት ሰባት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከጭሮ በላይ ያሉት የተራቆቱ ቁልቁለቶች በየክረምቱ የሚያጡትን አፈር ላየ ሰው ይህ እጅግ የዘገየ ፍጥነት ነው። በእርግጥ መሸርሸሩ እኩል እኩል አልሄደም፤ ተራሮቹ ገና ከፍ ባሉበት በመጀመሪያው ዘመን ፈጣን ነበር፣ በኋላ ግን ምድሩ ሜዳ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቆመ። በትግራይ መሸርሸሩ ቀድሞ ማለቁ ግልጽ ነው፤ እዚያ በስሌቱ ላይ የተነጠፈው የእንጢጮ አሸዋ ድንጋይ ከአዲግራቱ እጅግ ይቀድማልና። ትግራይ ላይ የተነሣው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረር ላይ እጥፉ። ሁለቱን አገሮች ያለያያቸው የተቀበሩበት ልክ ብቻ ሳይሆን በኋላ የተገፈፉበት ልክም ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ ደጋ ሥር ያለው ቅርፊት ውፍረቱ ከ35 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተገፈፈውን ብንጨምርበት በዚያን ዘመን ከ55 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የዛሬዋን የቲቤት ቅርፊት ያህላል። ሒሳቡ ሻካራ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው የባዛልት ዘመን ከሥር የጨመረው ዐለት አለ። ቢሆንም የሐረር ምድር በአንድ ወቅት ከፍተኛ ተራራ እንደነበረች ናይሱ ራሱ ይመሰክራል።

አንድ የቆየ ስሕተት ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ ካርታ በ1:2,000,000 መስፈርት ያዘጋጀው ካዝሚን ከባልደረቦቹ ጋር የሀገሪቱን መሠረት ዐለት በሦስት ከፍሎት ነበር፦ የታችኛው፣ መካከለኛውና የላይኛው። ክፍፍሉ በአብዛኛው የተመሠረተው በለውጥ ደረጃው ላይ ነበር። ናይሱ ታች ነው፣ ታች ያለው ደግሞ ጥንታዊ ነው፤ ስሌቱና አረንጓዴው ሺስት ላይ ነው፣ ላይ ያለው ወጣት ነው። የዕድሜ መለኪያ በሌለበት ዘመን ይህ የሚያስወቅስ አልነበረም፣ ካርታውም እስከ ዛሬ የሚያገለግል ሥራ ነው። ሆኖም በኋላ በዚርኮን ውስጥ ያለው ዩራኒየምና እርሳስ ሲለካ በደቡብና በምዕራብ “የታችኛው” ከተባለው ናይስ ብዙው ከአረንጓዴው ሺስት ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጠልቆ ተቀበረ፣ ሌላው አልተቀበረም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የምሥራቁ፣ የሐረር በኩሉ ግን ለየት ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ተክላይና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በዚያ ያለው ዐለት ፓን አፍሪካዊ ከሚባለው ከዚሁ የጎንድዋና ግጭት የሚቀድም ቅርፊት አሻራ እንዳለበት አሳይቷል። ይህ የታወቀው ግን ከዚርኮንና ከኢሶቶፕ ነው። በናይስነቱ ብቻ ዕድሜውን መገመት ዛሬም አይቻልም።

ሌላው ገደብ ረቂቅ ነው፣ ግን የጥልቀትን ንባብ በቀጥታ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1984 ፊሊፕ ኢንግላንድና አላን ቶምፕሰን እንዳሳዩት ድንጋይ ከሁሉ በላይ የሚሞቀው ከሁሉ በላይ በጠለቀበት ቅጽበት አይደለም። ቅርፊት በግጭት ሲወፍር ድንጋዩ ቶሎ ይቀበራል፤ ሙቀት ግን በዐለት ውስጥ የሚጓዘው ቀስ ብሎ ነው። ሙቀቱ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እየተከተለ ሲደርስ ላይኛው ምድር መሸርሸር ጀምሮ ድንጋዩ ወደ ላይ መመለስ ይዟል። ማዕድናቱ የሚጸኑት ግን በከፍተኛው ሙቀት ጊዜ ነው። ስለዚህ በአዶላው ምሳሌ ያገኘነው 21 ኪሎ ሜትር ድንጋዩ በሞቀበት ጊዜ የነበረበት ጥልቀት ነው፤ ከዚያ በፊት ከዚህ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። የዚያን የቀደመ ጉዞ ምስክር የምናገኘው አንዳንዴ በጋርኔት ሆድ ውስጥ ተውጠው በቀሩ ጥቃቅን ማዕድናት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጋርኔት ከመሐሉ ወደ ዳሩ ሲነበብ የድንጋዩን የጉዞ ቅደም ተከተል ይሰጣል።

በጭሮ፣ በሂርና ወይም በገለምሶ ጂኦግራፊ የምታስተምሩ መምህራንና ይህን ነገር በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉ ሁሉ፣ በደጃችሁ ያለውን ድንጋይ አትናቁት። ያልተለወጠው ኖራ ለንጽጽር ያስፈልጋችኋል። ዛጎሉ ያልተጨፈለቀበት፣ ስንጥቁና ንብርብሩ አንድ የሆነበት ድንጋይ የለውጥ ደረጃው ዜሮ መሆኑን መጀመሪያ በእጃችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር ስትሄዱ አሸዋ ድንጋዩ በናይሱ ላይ የተቀመጠበትን መገናኛ ፈልጉ። ቀይ ጋርኔት ያለበት የሚያብረቀርቅ ሺስት ካገኛችሁም፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀበረ ከመናገራችሁ በፊት አጉሊ መነጽር አውጥታችሁ ከጋርኔቱ ጎን ያለው ሰማያዊ ምላጭ የመሰለ ካያናይት ነው ወይስ ድምቡሽቡሽ ያለ አራት ማዕዘን አንዳሉሳይት፣ እሱን ተመልከቱ። ሁለቱም ከሌሉ ሙቀቱን ጻፉ፤ ጥልቀቱን ለላቦራቶሪው ተዉለት።